ከአስቸጋሪ ደንበኛ ጋር ያለን የሒሳብ ሥራ ውል በሥርዓት ስለ መዝጋት

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ አነስተኛ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ አለኝ። በጣና ዳር ዓሣ ቤትና የመዝናኛ ጀልባዎች ያሉት አንድ ደንበኛዬ ሰነድ የሚያመጣልኝ ማሳወቂያ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ቅጣት ሲመጣ ጥፋቱን በእኔ ላይ ያደርጋል፤ ማታ ማታ ደውሎ ይቆጣል። የጥርንና የየካቲትን ክፍያ አልከፈለኝም። ውላችን በጽሑፍ ነው፤ በወር 12,000 ብር፣ ለማቋረጥም የ30 ቀን ማስታወቂያ ይላል። አሁን መጋቢት ገብቷል። ሳንጣላ፣ ገንዘቤንም ሳላጣ እንዴት ልለያየው?

ምላሽ፦

በቅድሚያ የሚወስኑት ነገር የመጨረሻውን ወር ነው። በሒሳብ ሥራ ላይ ከደንበኛ ጋር የሚደረግ መለያየት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጠብ የሚያመራው ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን «እስከ ሚያዝያ ድረስ እሠራለሁ» የሚለው አነጋገር ለሁለቱ ወገኖች ሁለት የተለያየ ነገር ስለሚሆን ነው። የአንድ ወር ተጨማሪ እሴት ታክስና የሠራተኞች የሥራ ግብር የሚታወቀው በቀጣዩ ወር ውስጥ እንደ መሆኑ፣ ባለሙያው «ሚያዝያ» ሲል በሚያዝያ ውስጥ የሚገባውን የመጋቢት ማሳወቂያ ማለቱ ነው፤ ደንበኛው ግን የሚያዝያ ሽያጭም ተሠርቶ በግንቦት እንዲገባለት ይጠብቃል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሳይታወቅ የቀረ ወር ይገኝና ቅጣት ይመጣል፤ ቅጣቱም እንደ ተለመደው በእርስዎ ስም ይነገራል። ስለዚህ በጽሑፍዎ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ለይተው ያስቀምጡ፦ የመጨረሻው የሥራ ወር መጋቢት እንደ ሆነ፣ የመጋቢት ማሳወቂያ የሚገባበት የመጨረሻ ቀንም ሚያዝያ 30 እንደ ሆነ። ከሚያዝያ 1 ጀምሮ ያለው ሽያጭ፣ ግዥና ደመወዝ የእርስዎ ሥራ እንዳልሆነ ደግሞ በአንድ ራሱን በቻለ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት።

ይህ ወሰን ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለደንበኛዎም ይጠቅማል። የሒሳብ ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለ ሆነ፣ በሚያዝያ መጨረሻ የሚለያዩት ደንበኛ አዲስ ባለሙያ ለመፈለግና ዓመታዊ ሒሳቡን ለመዝጋት በቂ ጊዜ ይኖረዋል። ጥያቄዎ በሐምሌ ወይም በመስከረም ቢመጣ ኖሮ ምክሬ ይለወጥ ነበር፤ ዓመታዊ ማሳወቂያ በደጅ ቆሞ ሳለ ደንበኛን መተው፣ ውሉ ቢፈቅድም እንኳ፣ በሙያው ዘንድ የሚያስነቅፍ ነው።

ማስታወቂያው አጭር ደብዳቤ ይሁን። በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና በራስዎ ወይም በሠራተኛዎ እጅ ይላኩት፤ በአንደኛው ቅጂ ላይ ተቀባዩ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያስፍርበት። ፎቶውን በቴሌግራም ቢልኩለት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ያ ተጨማሪ ማስረጃ እንጂ የተፈረመውን ቅጂ የሚተካ አይደለም። ለምሳሌ መጋቢት 5 ቢያስረክቡ ሠላሳው ቀን ሚያዝያ 5 ይሞላል፤ እርስዎ ግን እስከ ሚያዝያ 30 እንደሚቆዩ ስለጻፉ ከውሉ በላይ ጊዜ ሰጥተዋል ማለት ነው። ይህንንም እንደ ውለታ አይቁጠሩበት፤ ቀኖቹን ብቻ ያስቀምጡ።

በደብዳቤው ውስጥ ምክንያት አይዘርዝሩ። የማታውን ስልክና የዘገየውን ሰነድ ለመጻፍ ልብዎ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ውሉ ግን ማስታወቂያ እንጂ ምክንያት አይጠይቅዎትም። ምክንያት የጻፉለት ደንበኛ እያንዳንዱን ምክንያት ለማስተባበል መልስ ይጽፋል፣ ወይም «ከዛሬ ጀምሮ አስተካክላለሁ» ብሎ ውይይቱን እንደ ገና ይከፍተዋል። «በውላችን መሠረት የ30 ቀን ማስታወቂያ በመስጠት አገልግሎቱን የማቋርጥ መሆኑን አስታውቃለሁ» የሚለው በቂ ነው።

ቀጥሎ የቀረውን ሥራ በትክክል ይጨርሱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያልተከፈለው ባለሙያ ሥራውን ሊይዝ የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1757 እንደሚደነግገው፣ አንድ ተዋዋይ ሌላው እንዲፈጽምለት መጠየቅ የሚችለው የራሱን ግዴታ ሲፈጽም ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆኑን ሲያሳይ ነው። የየካቲትን ማሳወቂያ ሳያስገቡ የየካቲትን ክፍያ ቢጠይቁ የደንበኛዎ መልስ የታወቀ ነው። ሥራዎ የተሟላ ከሆነ ግን የሚቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርሱም የገንዘቡ ነው።

ሥራውን መጨረስ ማለት ግን ሰነድ ሳይመጣልዎት ተአምር መሥራት ማለት አይደለም። በማስታወቂያው ደብዳቤ ውስጥ የመጋቢት ሰነዶች የሚቀርቡበትን ቀን፣ ለምሳሌ ሚያዝያ 10ን፣ ይወስኑ። ሚያዝያ ለእንደዚህ ዓይነት ቤት የሥራ ወር መሆኑን ያስቡ፤ ፋሲካ በዚያ ሰሞን ሲውል የሐይቁ ዳር በእንግዳ ይሞላል፣ ባለቤቱም ወረቀት የሚያይበት ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ የሚፈልጉትን በጅምላ «የመጋቢት ሰነዶች» ብለው ሳይሆን አንድ በአንድ ይጥቀሱ፦ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የወሩ ሪፖርት፣ የጀልባ ኪራይ ደረሰኞች፣ የግዥ ደረሰኞች፣ የባንክ መግለጫ፣ የደመወዝ ለውጥ ካለ እርሱ። ሚያዝያ 10 አልፎ ሰነዱ ካልመጣ፣ በማግስቱ የጎደለውን ብቻ የሚዘረዝር አጭር መልእክት ይላኩ፤ ስሜትዎን አይጨምሩበት። ከዚያ በኋላ በቀረበልዎት ሰነድ ልክ ሠርተው፣ ምን እንዳልቀረበ በጽሑፍ ያስታውቁ። ባልቀረበ ደረሰኝ ላይ ግምት አስገብተው ማሳወቂያ አይሙሉ፤ ከተለያያችሁ በኋላ ኦዲት ቢመጣ ግምቱን የሚያስረዳ ሰው አይኖርም።

በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ላይ አንድ ነገር በተለይ መጻፍ አለበት፤ እርሱም ከታንኳ የሚገዛው ዓሣ ነው። አስጋሪው ደረሰኝ ስለማይሰጥ ግዥው በቤቱ የግዥ ቫውቸር ይመዘገባል፤ ቫውቸሩ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወይ የሻጩ ፊርማ፣ ወይ ኪሎው፣ ወይ ቀኑ ይጎድላል። እነዚህን የጎደሉ ቫውቸሮች ለይተው በአንድ ፖስታ ያስቀምጡና በላዩ ላይ «ያልተሟሉ የዓሣ ግዥ ቫውቸሮች፣ ከጥር እስከ መጋቢት» ብለው ይጻፉ። ይህ ፖስታ አዲሱ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው፣ ወጪው ተቀባይነት ቢያጣም ችግሩ ከየት እንደ መጣ የሚያሳይ ሰነድ ይሆናል። ደንበኛዎ ቅጣትን በእርስዎ ላይ የማድረግ ልማድ ስላለው፣ ከረጅም ደብዳቤ ይልቅ የሚጠብቅዎት ይህ ፖስታ ነው።

ስለ ርክክቡ አቋሜ የጠነከረ ነው፤ ገንዘቡ ባይከፈልም እንኳ የደንበኛውን ሰነድ ይመልሱ። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «ሰነዱን ካልያዝኩ አይከፍለኝም» ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ደረሰኞቹና መዝገቡ የእርሱ ንብረት ናቸው፤ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትም የሚጠይቀው እርሱን ነው። ሰነዱን የያዙበት ቀን ገንዘብ የሚጠይቁት እርስዎ መሆንዎ ይቀርና ንብረት የከለከሉት እርስዎ ይሆናሉ፤ በያዙት ሰነድ ምክንያት ማሳወቂያ ቢዘገይም ለጉዳቱ ተጠያቂነት ይከተላል። የሚይዙት የራስዎን ነገር ብቻ ነው፦ የሥራ ማስታወሻዎን፣ የውሉን ቅጂ፣ የላኳቸውን ደብዳቤዎች፣ ያስገቧቸውን ማሳወቂያዎች ቅጂ።

የርክክብ ሰነዱን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ ዝርዝሩ በፋይል ደረጃ ይሁን። «የ2017 ሰነዶች በሙሉ» ብሎ መጻፍ ነገ «የኅዳር ደረሰኝ አልተሰጠኝም» ለሚል ክርክር በር ይከፍታል። «የኅዳር ወር የግዥ ደረሰኞች፣ አንድ ፋይል፣ 64 ገጽ» የሚለው ግን ያንን በር ይዘጋል። ማሳወቂያዎቹን ከክፍያ ደረሰኞቻቸው ጋር፣ የደመወዝ መክፈያ ሉሆቹን፣ የቋሚ ንብረት መዝገቡን ከጀልባዎቹና ከሞተሮቻቸው ጋር፣ የባንክ ማስታረቂያዎቹን ለየብቻ ይዘርዝሩ። ሒሳቡ በፒችትሪ የተያዘ ከሆነ የመጨረሻውን ባክአፕ በፍላሽ ይስጡና ፍላሹ በእርሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሁለታችሁም ተመልክታችሁ ይፈርሙ።

ከወረቀቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚረሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በደንበኛው ስም የተከፈተው የኤሌክትሮኒክ የግብር ማሳወቂያ አካውንት ነው። የይለፍ ቃሉን መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው በእርስዎ ስልክ ከሆነ የስልክ ቁጥሩና የኢሜይል አድራሻው ወደ ደንበኛው መዛወር አለበት። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ባለሙያ በየወሩ ኮድ ፍለጋ ይደውልልዎታል፣ እርስዎም ሳይወዱ ሥራው ውስጥ ይቆያሉ። ሁለተኛው ውክልና ነው። ደንበኛዎ በግብር ጽሕፈት ቤት እንዲቀርቡለት ውክልና ሰጥቶዎት ከሆነ፣ የአገልግሎት ውሉ ስለተቋረጠ ውክልናው በራሱ ይጠፋል ብለው አይተማመኑ። ዋናውን ይመልሱ፣ መመለስዎን በርክክቡ ላይ ያስፍሩ፣ በተመዘገበበት ቦታ እንዲሻርም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ለግብር ጽሕፈት ቤቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወኪል አለመሆንዎን በደብዳቤ ያሳውቁ።

አሁን ወደ መጨረሻው የክፍያ መጠየቂያ እንምጣ። መጠየቂያው ውስጥ መግባት ያለበት በጽሑፍ የተስማማችሁበት ነገር ብቻ ነው። የእርስዎን ጉዳይ በቁጥር ላሳይ። የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት ክፍያ በየወሩ 12,000 ብር ሲታሰብ 36,000 ብር ይሆናል። ለምሳሌ ደንበኛዎ ለባንክ ብድር የስድስት ወር ሪፖርት በ8,000 ብር አሠርቶዎት፣ ዋጋውንም በቴሌግራም «እሺ» ብሎ ከሆነ እርሱም ይገባል፤ ድምሩ 44,000 ብር ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ከሆነ በ15 በመቶ 6,600 ብር ይጨመርና ጠቅላላው 50,600 ብር ይደርሳል። በማታ ለተመላለሱበት፣ በበዓል ቀን ለሠሩበት ወይም ለተናደዱበት ምንም አይጨምሩ። አስቀድሞ ዋጋ ያልተነገረለት 3,000 ብር በመጠየቂያው ላይ ሲታይ፣ ደንበኛው የሚከራከረው ስለ 3,000 ብሩ ብቻ ቢሆንም የሚይዘው ግን 50,600 ብሩን በሙሉ ነው። ያንን ገንዘብ መተው ኪሳራ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ከመጠየቂያው ሁሉ የተሻለው ውሳኔ እርሱ ነው።

እያንዳንዱ መስመር ከየትኛው ማስረጃ ጋር እንደሚገናኝ ይጻፉ፦ «የየካቲት ወር አገልግሎት፣ ማሳወቂያው በመጋቢት ገቢ የተደረገ» ማለት «የየካቲት ክፍያ» ከማለት የበለጠ ይናገራል። ደንበኛዎ በሕግ ቅድመ ግብር ቀንሶ የሚያስቀር ከሆነ የቀነሰበትን ደረሰኝ እንዲሰጥዎ በመጠየቂያው ግርጌ ይጠይቁ፤ ያ ደረሰኝ ከጠፋ በራስዎ ዓመታዊ ግብር ላይ የሚካካስልዎትን ገንዘብ ያጣሉ። የባንክ ሒሳብ ቁጥርዎን፣ የመክፈያውን ቀንና የመጠየቂያውን ቁጥር ያስገቡ። መጠየቂያው ራሱ የታክስ ደረሰኝ አለመሆኑም በግልጽ ይነበብ፤ ደረሰኙን በሕጉ ጊዜ ይቁረጡ። ቀኑን «በአስቸኳይ» ብለው አይለፉት፤ «እስከ ግንቦት 15» ይበሉ።

ስለ ወለድ በመጀመሪያው መጠየቂያ ላይ ባያነሱ እመርጣለሁ። ውላችሁ ስለ መዘግየት የሚለው ነገር ከሌለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1751 የተወሰነው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በ50,600 ብር ላይ በዓመት 4,554 ብር፣ በወር ሲታሰብ ከ380 ብር በታች ይመጣል። ለዚህ ያህል ገንዘብ የመጨረሻውን ንግግር ማምረር አይገባም። መብቱ ግን አይጠፋም፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ በሚጻፈው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ቦታ አለው።

የመጨረሻው መልእክት የሚላከው ማሳወቂያው ከገባ፣ ርክክቡ ከተፈረመና መጠየቂያው ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከላኩት ያልተዘጋ ነገር ስላለ መልስ ይጠራል። እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው፦

«የተከበሩ አቶ … ሰላምታዬ ይድረስዎ። የመጋቢት ወር የተጨማሪ እሴት ታክስና የሥራ ግብር ማሳወቂያ ሚያዝያ 22 ገቢ ተደርጓል፤ ማረጋገጫው ተያይዟል። ሰነዶችዎን፣ የሒሳብ ባክአፑንና ውክልናውን ሚያዝያ 26 ቀን ተረክበዋል። ከሚያዝያ 1 ጀምሮ ያለው ሒሳብ በአዲሱ ባለሙያዎ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚያዝያ ማሳወቂያ እስከ ግንቦት 30 መግባት እንዳለበት አስታውሳለሁ። የመጨረሻው የክፍያ መጠየቂያ 50,600 ብር ሲሆን የመክፈያው ቀን ግንቦት 15 ነው። አዲሱ ባለሙያዎ ከመጋቢት በፊት ስላለው ሒሳብ ጥያቄ ካለው እስከ ግንቦት 30 በጽሑፍ ቢልክልኝ እመልሳለሁ። ሥራዎ የተቃና እንዲሆን እመኛለሁ።»

በዚህ መልእክት ውስጥ ስለ ሚያዝያ ማሳወቂያ የተጨመረውን መስመር አይዝለሉት። ደንበኛዎ አዲስ ባለሙያ ሳይቀጥር ቢቀር እንኳ ቀኑ እንደተነገረው በጽሑፍ ይቀራል። «ስላስቀየምኩዎ ይቅርታ» ወይም «ከእርስዎ ጋር መሥራት ከባድ ነበር» የሚሉት ሁለቱም አይግቡ፤ የመጀመሪያው ሥራው ጎድሎ እንደ ነበር ያስመስላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ክርክር ይከፍታል። በሐሰት ማመስገንም አያስፈልግም። ስለ ቀደመው ሒሳብ ጥያቄ እመልሳለሁ ማለትዎ ሙያዊ ጨዋነት ነው፤ ቀን የተወሰነለትና በጽሑፍ ብቻ የሆነው ደግሞ የማታው ስልክ እንዳይመለስ ነው።

ደንበኛዎ ደውሎ ከተቆጣ፣ አንድ ጊዜ ያዳምጡትና «የተነጋገርነውን በጽሑፍ ልልክልዎ» ብለው በትሕትና ይዝጉ። በከተማችን ዘንድ ሌላም ነገር ይጠበቃል፤ ሽማግሌ ይላካል። አንድ የጋራ ዘመድ ወይም የዕድር ሰው ቢሮዎ መጥቶ «ልጄ፣ ይህን ነገር እንደ ሰው ጨርሱት» ቢልዎት አይከፉ፤ ወንበር ይስጡ፣ በአክብሮት ያነጋግሩ። ለሽማግሌ መስጠት የሚቻለው የመክፈያ ጊዜ ነው፤ 50,600 ብሩ በሁለት ጊዜ እንዲከፈል፣ ለምሳሌ ግማሹ ግንቦት 15፣ ግማሹ ሰኔ 15፣ ብትስማሙ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሁለታችሁም ይፈረምበት፣ ሽማግሌውም ምስክር ይሁን። ሽማግሌውን ላለማሳዘን ብለው ግን ወደ ሥራው አይመለሱ፤ «ለሰኔው መዝጊያ ብቻ» ተብሎ የሚጀመር ሥራ እስከ ጥቅምቱ ዓመታዊ ማሳወቂያ ይዘልቃል።

ግንቦት 15 አልፎ ምንም ክፍያ ካልመጣ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት ባለዕዳውን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያው እንደ መጀመሪያው ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ተጽፎ በፊርማ ይሰጥ፤ ዕዳውን በብር፣ የመጠየቂያውን ቁጥር፣ አሥራ አምስት ቀን የሚሆን የመጨረሻ ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ ሕጋዊው ወለድ እንደሚታሰብ ይግለጽ። ስድብ፣ ዛቻም ሆነ ለሌሎች ነጋዴዎች መንገር አይኑርበት። ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ፋይል ያን ጊዜ ተዘጋጅቷል፦ ውሉ፣ የተፈረመው ማስታወቂያ፣ የገቡት ማሳወቂያዎች፣ የርክክቡ ሰነድ፣ መጠየቂያውና ማስጠንቀቂያው። ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ እነዚህን ስድስት ወረቀቶች በዚሁ ቅደም ተከተል ይዘው ይሂዱ።